በ600 ብር ስጦታ፦ ባለቤቴ በየቀኑ ከምትጥላቸው ቃላት የትኛውን ልያዝ?

ጦሳ_ስር (ደሴ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችን ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያለኝ 600 ብር ነው፣ ከዚያ በላይ ማውጣት አልችልም። «ምን ልግዛልሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ምንም» እንደምትለኝ ስለማውቅ፣ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ጀምሮ የምትናገረውን ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ቡና ስታፈላ «ይቺ ጀበና አንድ ቀን ትደፋብኛለች» አለች። ሁለት ጊዜ ብላዋለች።

ሁለተኛ፣ ጎረቤታችን የለበሰችውን ሻርፕ አይታ «እንዴት ያምራል!» አለች። አንድ ጊዜ።

ሦስተኛ፣ «እግሬን በረደኝ» ትላለች። ይሄን ማታ ማታ ትለዋለች፣ ብዛቱን አልቆጠርኩትም።

አራተኛ፣ «የእናቴ ቡና ሽታው ራሱ ሌላ ነው» አለች። አንድ ጊዜ።

የትኛው ነው እውነተኛ ፍላጎቷ? እኔ ወደ ሻርፑ አዘንብያለሁ።

---

አራዳ_77

ሻርፑን ግዛ፣ ምን ታስባለህ። ሴት ልጅ በሌላ ሰው ላይ አይታ ያደነቀችው ነገር ለራሷ የምትመኘው ነው። የጀበናው ወሬ የቤት ሥራ ምሬት ነው፣ ስጦታ አይሆንም። እግር ለሚበርደው ካልሲ፣ እሱንም ለብቻው ገዝተህ ስጣት፣ ከበዓሉ ጋር አታገናኘው።

---

የስፌት_ልጅ (ሐይቅ)

አራዳ፣ ግማሹ ልክ ነው። አድናቆት አንዳንዴ ምኞት ነው፣ ግን በእኛ አገር ጎረቤት አዲስ ነገር ለብሳ ስትመጣ «እንዴት ያምራል» አለማለት ነውር ነው። ያንን ቃል ሁሉም ይለዋል። ምኞት መሆኑን የሚያሳየው የሚከተለው ጥያቄ ነው። «የት ገዛሽው?»፣ «ስንት ነው?» ብላለች? ጨርቁን በእጇ ዳስሳዋለች? ከእነዚህ አንዱ ከሌለ ሻርፑን በጨዋነት የተባለ ቃል አድርገህ ተወው።

ጦሳ፣ መጻፍህ ጥሩ ነው፣ ግን የምትጽፈውን በራስህ ቃል አታሳጥረው። የራሷን ቃል ከነማሰሪያው ጻፍ። አማርኛ ላይ ነገሩ ያለው ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። «ጀበናዋ ትደፋለች» ብትል ስለ ጀበናዋ እያወራች ነው። «ትደፋብኛለች» ስትል ግን «ብኝ» አለበት፣ ጉዳቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። «ቢኖረኝ»፣ «ምን አለ … ቢሆን» ካለች ምኞት ነው። «ድሮ … ነበር» ካለች ትዝታ ነው፣ ትዝታ ደግሞ በዕቃ ለመመለስ ከባድ ነው። አራተኛው፣ የእናቷ ቡና፣ ከዚህ ወገን ነው። ምርጥ ቡና ብትገዛ እንኳ እሷ ያለችው ስለ ቡናው አይደለም፣ ስለ ቤቱና ስለ እናቷ እጅ ነው። ስጦታህ ከእናቷ ጋር እንዲወዳደር አታድርገው።

ከቃሉ ጎን ደግሞ ሁለት ነገር ጨምር፦ ስትናገር እጇ ምን እያደረገ ነበር፣ ሰዓቱስ ስንት ነበር? ሰው ችግሩን በአፉ ከመናገሩ በፊት በእጁ ማበጃጀት ይጀምራል። ጨርቅ መጠቅለል፣ ወረቀት ማጠፍ፣ ክር ማሰር። ያቺ ማበጃጃ ከቃሉ ትበልጣለች፣ ምክንያቱም ነገሩ በእርግጥ እንደሚያስቸግራትና በየቀኑ ጊዜ እንደሚወስድባት ታሳይሃለች። ጀበናውን ስታፈላ ምን ታደርጋለች?

---

ጦሳ_ስር

ትናንት ማታ ልብ ብዬ አየሁ። አንድ አሮጌ ጨርቅ አራት ላይ አጥፋ ከማቶቱ ሥር፣ በግራ በኩል ትሸጉጣለች። ከዚያ ጀበናውን ታስቀምጥና እጇን ሳትለቅ ትንሽ ትጠብቃለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም ጊዜ እንዲሁ ነው። ይሄን ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም፣ ወላሂ።

ስለ ሻርፑ «የት ገዛሽው» አላለችም።

---

ኮምቦልቻ_መንገድ

ታዲያ አዲስ ጀበና ግዛላታ። አለቀ።

---

የስፌት_ልጅ

አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቃሉን በትክክል ሰምቶ የተሳሳተ ዕቃ ይገዛል፣ ምክንያቱን ስላልፈለገ። አዲስ ጀበና መሟሸት አለበት፣ አፈሩ አፈሩ እንዳይል ደጋግሞ መፈላት አለበት፣ የመጀመሪያ ቡናዎቹም እንደለመደችው አይጥሟትም። የለመደችውን ጀበና ቀምተህ ሥራ ሰጠሃት ማለት ነው። በዚያ ላይ አዲሱም እዚያው ማቶት ላይ ከተቀመጠ ይጋደላል።

መጀመሪያ የሚጋደለው ምኑ እንደሆነ ለይ። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ረከቦቱ፣ ማቶቱ ወይም የጀበናው ቂጥ። እሷ በሌለችበት እንዲህ አድርግ። ረከቦቱን በተለመደው ቦታው አስቀምጥና አንድ ሲኒ ውኃ እስከ አፉ ሞልተህ መሐሉ ላይ አኑር። ውኃው በአንድ በኩል ቀድሞ ከፈሰሰ ረከቦቱ ወይም ወለሉ ዘንበል ብሏል፣ ያ በአንድ እግር ሥር በሚደረግ ስስ እንጨት ይስተካከላል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ውኃው ዙሪያውን እኩል ከሆነ ማቶቱን ባዶውን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጠህ በጣትህ ዙሪያውን ተጫነው። የሚሰምጥ ቦታ ካለ ማቶቱ አልቋል። እሱም ደህና ከሆነ ጀበናውን ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተህ ማቶቱ ላይ ሩብ ሩብ ዙር እያዞርክ እይ። ማዘንበሉ ከጀበናው ጋር አብሮ ከዞረ ችግሩ የጀበናው ቂጥ ነው። ማዘንበሉ ባለበት ከቀረ ማቶቱ ነው። ባዶ ጀበና ላይ አትፈትን፣ ባዶው ቀላል ስለሆነ የሰመጠ ማቶት ላይም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

---

እናት_ወረኢሉ

ልጄ፣ አስተውለህ መጻፍህ ደስ ይላል፣ አላህ ትዳራችሁን ይባርክ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ማቶትም ጀበናም ለቤቱ ነው። ቡናውን የምትጠጡት ሁላችሁም ናችሁ። ሁለተኛ ዓመታችሁን ምክንያት አድርገህ የምትሰጣት ነገር ለሷ ብቻ ይሁን። «ሥራሽን ላቅልልልሽ» ማለት መልካም ነው፣ ግን የሥራዋን ዕቃ እንደ ስጦታ መስጠት «ሥራሽ ይሄ ነው» ማለትም ይሆናል። ሦስተኛውን ለምን ዘለላችሁት? እግሯን በረዳት እያለችህ።

---

የስፌት_ልጅ

እናቴ፣ አንቱ ያሉት እውነት አለው። እኔ ግን የማልስማማበት አለ። ማቶቱ ከተስተካከለ እሷ ጀበናውን ይዛ መጠበቋ ይቀራል፣ ቁጭ ብላ የምታወራበት ጊዜ ታገኛለች። የምትቃጠለውም እሷ ናት። ቢሆንም ስጦታ ሆኖ ይቀርባል ወይስ ዝም ብሎ ይሠራል የሚለው ላይ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጦሳ፣ «እግሬን በረደኝ» የምትለው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ከምን በኋላ?

---

ሀድራ_ነኝ (ወልድያ)

ይቅርታ፣ የኔም ጥያቄ ከዚህ ጋር የሚሄድ ስለመሰለኝ ነው። ባሌ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ሲወጣ «መሪው በረዶ ነው» ይላል። ጓንት ልግዛለት አስቤ ነበር፣ ግን አንድ ቀን «ጓንት አልወድም፣ ብር አያስቆጥርም» ብሏል። ታዲያ ምን ይሁን?

---

የስፌት_ልጅ

ሀድራ፣ ያ ሁለተኛው ቃል ነው ዋናው። «አልወድም» ብሎ ምክንያቱን ከነገረሽ ምክንያቱን ያዢው፣ ምን እንደሚገዛ እዚያ ውስጥ ነግሮሻል። ጠላትነቱ ከጓንቱ ጋር አይደለም፣ ከጣቶቹ ጫፍ መሸፈን ጋር ነው። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እስከ መጀመሪያው አንጓ ክፍት የሆነ የሱፍ ጓንት ብር ያስቆጥራል። ሙሉ ጓንት ገዝተሽ ራስሽ ልትቆርጪው ትችያለሽ፣ ግን ሹራቡ እንዳይተረተር አስቀድመሽ ከመቁረጫው መስመር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርገሽ ስፊው፣ ከዚያ ቁረጪው። መጀመሪያ ቆርጠሽ ብትሰፊው ክሩ ሮጦ ጣቱ ሁሉ ይፈታል።

ልኩን ለማወቅ አንቺ የራስሽን እጅ ከሱ ጋር አመሳክሪ፤ መዳፍ ለመዳፍ ስትገጥሙ የሱ በስንት እንደሚበልጥ አይተሽ ገበያ ላይ በራስሽ እጅ ትለኪያለሽ። ጠባብ ጓንት ደም ስለሚይዝ ይብስ ያቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ከተጠራጠርሽ ሰፋ ያለውን ያዢ።

---

አራዳ_77

እኔ አሁንም ካልሲ ነው የምለው። የደሴ ብርድ ካልሲ ነው የሚፈልገው።

---

ጦሳ_ስር

ሁለቱንም አየሁ።

ጀበናው፦ ረከቦቱ ልክ ነው፣ ውኃው ዙሪያውን እኩል ቆመ። ማቶቱን በጣቴ ስጫነው በግራ በኩል ሰመጠ፣ ሰበዙ ውስጡ ተሰብሯል። ጀበናውን ባዞረውም ማዘንበሉ ባለበት ቀረ። ስለዚህ ማቶቱ ነው።

እግሯ፦ ሦስት ማታ ተከታተልኩ። የምትለው ለዒሻ ዉዱእ አድርጋ ስትመለስ ነው። ሰግዳ ስትቀመጥ ካልሲ ታደርጋለች፣ ካልሲ አድርጋም «አልሞቀኝም» አለች። ካልሲ እኮ አላት፣ ወፍራም።

---

እናት_ወረኢሉ

አየህ? እርጥብ እግር ላይ ካልሲ ምን ያደርጋል። በጣቶቿ መሐል ውኃ አለ።

---

የስፌት_ልጅ

እናቴ እንዳሉት ነው። ካልሲው ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ሙቀት ነው የሚይዘው። እግሩ እርጥብ ከሆነ ውኃው ወደ ካልሲው ይገባል፣ እርጥብ ካልሲ ደግሞ ሙቀቱን ያስወጣዋል። አራዳ፣ ለዚህ ነው ሁለተኛ ካልሲ የማይረዳት።

የሚያስፈልጋት ለእግር ብቻ የሚሆን ትንሽ ወፍራም የጥጥ ፎጣ ነው፣ ዉዱእ ከምታደርግበት ቦታ አጠገብ እጇ በቀላሉ በሚደርስበት ሚስማር ላይ የሚሰቀል። የፊት ፎጣ የሚያክል ይበቃል። ስትገዛ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ፎጣ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር አለበት፣ ውኃን ይገፋል እንጂ አይጠጣም። ነጋዴውን አስፈቅደህ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አድርግ፣ ወዲያው ከገባ ጥሩ ነው። ጠብታው ዶቃ ሆኖ ከቆመ ግን ወይ ሰው ሠራሽ ነው፣ ወይ ፋብሪካው ማለስለሻ ስለቀባው ነው፤ እሱ የሚለየው በእጅ መዳሰስና ክሩን ማየት ነው፣ የጥጥ ክር ብዙ ጊዜ አያንጸባርቅም። ሁለተኛ፣ የጥጥ ፎጣም ቢሆን አዲስ እንዳለ አትስጣት። አንዴ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና እጠበው፣ ደጋግመህ አለቅልቀው፣ ያለበለዚያ መጀመሪያ ማታ ውኃውን አይጠጣላትም፣ እሷም ዝም ብላ ወደ ጎን ትተወዋለች። ታጥቦ የተጣጠፈ ፎጣ እንደ አሮጌ አይቆጠርም፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሽታው ራሱ ደስ ይላል።

---

ጦሳ_ስር

ፎጣው ገባኝ። ማቶቱን ግን መተው አልፈልግም። ልኩን እንዴት ላድርግ? ይዤው ብሄድ ታውቃለች።

---

የስፌት_ልጅ

ጀበናውን ይዘህ አትውጣ፣ ክር በቂ ነው። የጥጥ ክር ይሁን፣ የሚለጠጥ አይሁን።

ጀበናው ቀዝቅዞ ባዶ ሲሆን ከቂጡ ሁለት ጣት ከፍ ብለህ፣ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ክሩን ዙሪያውን ጠምጥም። ክሩ ዘንበል እንዳይል አራቱንም ጎን እይ። የሚገናኝበት ላይ ቋጥረው። ያ የተቋጠረ ክር የማቶቱ የውስጥ ዙሪያ ነው። ከዚያ ክሩን ሳትፈታ ለሁለት አጥፈህ ለካውና በሁለት አባዛው። 36 ሳንቲ ሜትር ከመጣ የማቶቱ የውስጥ ስፋት 11 ተኩል ያህል ይሆናል።

ቁመቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጀበናው ማቶቱ ላይ ሲያርፍ ቂጡ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል ብለናል። ስለዚህ ማቶቱ ከ3 ካጠረ ቂጡ ረከቦቱን ይነካና ጀበናው ማቶቱ ላይ ሳይሆን በቂጡ ይቆማል፣ ያ ነው የሚያወዛውዘው። አንድ ጣት ከፍ ይበል፣ 4 ተኩል ያህል።  ከዚያ በላይ ከፍ ካደረግከው ደግሞ ጀበናው ከፍ ይልና በትንሽ መነካት ይጋደላል።

ቃጫ ገመድ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለህ ራስህ መሥራት ትችላለህ፣ ገመዱ ጨርቁን ይዞ 1 ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት ከሆነ ሦስት ዙር ያስፈልግሃል። አንዱ ዙር 41 ያህል ይወስዳል፣ ስለዚህ ከማያያዣው ጋር 1 ሜትር ተኩል ገመድ ግዛ። እያንዳንዱን ዙር ካለፈው ጋር በየጣት ስፋቱ ስፋው፣ አጥብቀህ። የገመዱን ጫፎች አንዱ ላይ አንዱን አትደርብ፣ እዚያ ቦታ ላይ ጉብታ ይሆንና እንደገና ያዘነብላል። ጫፎቹን በየግማሹ ሰያፍ ቆርጠህ ግጠማቸው። ናይሎን ገመድም ሆነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ አትጠቀም፣ ከእሳት የወረደ ጀበና ሲያርፍበት ይቀልጣል።

ሰፊ ሴት ዘንድ በሰበዝና አክርማ የሚሠራው ግን ይበልጣል፣ ይበልጥ ይጸናል። ሰኞ ገበያ አካባቢም ሆነ እዚህ ሐይቅ የሚሰፉ እናቶች አሉ። ቃል ብቻ አትንገራቸው፣ የቋጠርከውን ክር ስጣቸውና «ክሩ ከውስጥ ይዙር፣ ቁመቱ ሦስት ጣት» በል። ጊዜ ስጣቸው፣ አክርማው ተነክሮ እየለሰለሰ ነው በወስፌ የሚሰፋው፣ የቸኮለ ስፌት ላላ ብሎ ያልቃል፣ እንደ አሁኑ ማለት ነው። አለላውን ከውጭ ዙሪያ ብቻ አስደርግ። ጀበናው የሚነካው ውስጡ ቀለም የሌለው ይሁን፣ ጥቀርሻውና እርጥበቱ ቀለሙን ቶሎ ያበላሸዋል።

---

ኮምቦልቻ_መንገድ

ይሄን ሁሉ ለአንድ ማቶት? ግን የክሩ ነገር አሪፍ ነው። እኔ ቀለበት ልኬት ነበር የመሰለኝ ጥያቄው፣ ለዚያም ያው ክር ይሠራል አይደል?

---

የስፌት_ልጅ

ለቀለበትም ይሠራል፣ ግን ክር ጣት ላይ ስለሚሰምጥ ብዙ ጊዜ ያጠብባል። ቀጭን ወረቀት ይሻላል፣ ደግሞም አንጓውን ማለፍ አለበት እንጂ ሥሩን ብቻ መለካት አይበቃም።

---

እናት_ወረኢሉ

ጦሳ፣ ሁለቱን የምታደርግ ከሆነ አንድ ቀን አትስጣት። ማቶቱን ያለ ወሬ ቦታው ላይ አድርገው፣ የቤቱ ነው። ፎጣውን ለብቻው ስጣት፣ የሷ ነው። እንግዳ ፊት «ትደፋብኛለች ስትይ ሰምቼ ነው» ብለህ አታብራራ፣ የቤቷን ጉድለት ለሰው እንደነገርክባት ታየዋለች። ብቻችሁን ስትሆኑ ብትጠይቅህ ንገራት።

---

አራዳ_77

እኔ ማቶቱም ስጦታ ነው የምለው፣ ይቅርታ እማማ። በእጁ ሠርቶት ከሆነማ የበለጠ ስጦታ ነው። ፎጣ ነው እንዲያውም የተለመደ።

---

ጦሳ_ስር

ክሩ 38 መጣ። ዛሬ ሐይቅ ለምትሰፋ እናት ልኬዋለሁ፣ አሥር ቀን አለችኝ፣ ዋጋውም ከግማሽ ገንዘቤ በታች ነው። ፎጣውን ነገ አያለሁ፣ የውኃውን ጠብታ ፈትኜ። ማቶቱን በዓሉ ቀን ልስጣት ወይስ ቀድሜ ቦታው ላይ ላድርገው የሚለውን ገና አልወሰንኩም። ማታ ደግሞ አዲስ ነገር ጻፍኩ፦ «መስተዋቱ ጨለማ ላይ ነው ያለው» አለች፣ ስልኳን አብርታ ወደ ፊቷ ይዛ።

---

የስፌት_ልጅ

ስልኳን ካበራች ማበጃጃዋ እሷ ናት። መስተዋቱን ብርሃን ወዳለበት ቦታ ማዛወር ገንዘብ አያስወጣም፣ ግን ብርሃኑ ከጀርባዋ ሳይሆን ከፊቷ እንዲመጣ አድርገው። ሚስማሩን ከመምታትህ በፊት ቦታውን እሷ እንድታይ አድርግ፣ ቁመቱ ላንተ ሳይሆን ለሷ ዓይን ይሁን። 38 ከሆነ የማቶቱ ውስጥ ስፋት 12 ነው፣ ለሰፊዋ እንደገና ንገራት።